«ተፈጥሮ» ብዬ የጻፍኳት አንዲት ቃል

ዛሬ የምጽፈው ራሴ ስለሠራሁት ስሕተት ነው። ስብከትና የአባቶችን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ እየተረጎማችሁ ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉ ልጆች በዝታችኋልና ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ግብፃዊ ካህን የልደት ስብከት ተርጉም ተብዬ ተሰጠኝ። ካህኑ በእንግሊዝኛ ነው የሰበኩት፤ የእኅት ቤተ ክርስቲያን አባት ስለሆኑ ትምህርቱ የእኛው ነው። በሁለት ማታ ጨረስኩት። እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው፣ አማርኛዬም አያሳፍርም፤ ምን ሊያስቸግረኝ ነው ብዬ ነበር። ለጉባኤያችን ታተመና ተበተነ።

በሳምንቱ ልጅ ሆኜ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ አስጠሩኝ። ወረቀቱን ይዘዋል፤ አንዷን መስመር በእርሳስ አስምረውባታል። እንዲህ ትላለች፦ «ከሥላሴ አንዱ ሰው የሆነው ወልድ መለኮታዊ ተፈጥሮውን ሳያጣ ከሰው ተፈጥሮ ጋር ተቀላቀለ።»

«ልጄ፣ ይህን ማን ጻፈው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ የኔታ፤ ተርጉሜው ነው።»

«እንግዲያ ወልድን ፍጡር አደረግኸው እኮ!»

መጀመሪያ አልገባኝም። እንግሊዝኛው «ኔቸር» ነው የሚለው፤ መዝገበ ቃላቱም ኔቸርን ተፈጥሮ ይለዋል። ግን ተፈጥሮ ከየት መጣ? ፈጠረ ከሚለው ግስ ነው። ተፈጥሮ ያለው ነገር የተፈጠረ ነገር ነው። «መለኮታዊ ተፈጥሮ» ማለት ሲተነተን «የተፈጠረ አምላክነት» ሊሆን ነው። በ325 ዓ.ም. ሠለስቱ ምዕት፣ 318ቱ አባቶች ማለት ነው፣ በኒቅያ የተሰበሰቡት አርዮስ ወልድ ፍጡር ነው ስላለ ነው። እኔ ደግሞ አርዮስን የሚነቅፍ ስብከት ተርጉሜ፣ በአንዲት ቃል የአርዮስን ነገር ጻፍኩ። ስለዚህ ነው አባቶቻችን ለዚህ «ባሕርይ» የሚለውን ቃል የያዙት። ባሕርይ ውስጥ መፈጠር የለም፤ ለፈጣሪም ለፍጡርም ይነገራል።

የኔታ በዚህ አላበቁም። «አንዱ ሰው»ን አሳዩኝ። እንግሊዝኛው «ፐርሰን» ይላል። እኔ ሰው አልኩት። ሥላሴ ሦስት ሰዎች ናቸው እንዴ? የቤቱ ቃል «አካል» ነው፤ ሦስት አካላት፣ አንድ ባሕርይ፣ አንድ መለኮት።

ሦስተኛው «ተቀላቀለ» ነው። ወተትና ውኃ ይቀላቀላል። ምሥጢረ ሥጋዌን የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ መለኮትና ሥጋ የተዋሐዱት ያለ ውላጤና ያለ ቱሳሔ ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው ሳይለወጥ፣ ሳይቀላቀልም። እኔ የመረጥኩት ቃል ቱሳሔው ራሱ ነው! «ተዋሐደ» የሚለው ቃል ስሙን ለቤተ ክርስቲያኒቱ እስከ መስጠት የደረሰው እኮ በዚህ ምክንያት ነው።

መስመሯ ስትታረም እንዲህ ሆነች፦ «ከሦስቱ አካላት አንዱ የሆነው እግዚአብሔር ወልድ፣ ከባሕርዩ ሳይለወጥ፣ የእኛን ባሕርይ ተዋሐደ።» ርዝመቷ ያው ነው፤ ትምህርቷ ግን ሌላ ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። «የዛሬ ልጅ ባሕርይ ሲባል ጠባይ ይመስለዋል፣ አካል ሲባል እጅና እግር ይመስለዋል፤ ታዲያ የማይገባውን ቃል ጽፈን ምን እናተርፋለን?» ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አልክደውም። «ባሕርዩ ጥሩ ነው» የምንለው ስለ ጎረቤት ልጅ ነው። «አካላዊ ቃል» የሚለውን የወልድ ስም «በአካል የተነገረ ንግግር» ብሎ የተረዳ ወጣት ገጥሞኛል።

ግን መፍትሔው ቃሉን መጣል አይደለም ባይ ነኝ። እነዚህ ቃላት ትናንት የተፈጠሩ አይደሉም። መጽሐፈ ቄርሎስ በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ወደ ግእዝ ሲመለስ፣ ኋላም ሃይማኖተ አበው ከዓረብኛ ሲተረጎም፣ ተርጓሚዎቹ የእኛው ጭንቀት ነበረባቸው። እያንዳንዱ ቃል ተመርምሮ፣ ተከራክረውበት፣ በጉባኤ ቤት እየተተረጎመ ነው እዚህ የደረሰው። አንዱን ነቅለን በሌላ ብንተካው፣ አንባቢው ስብከቱን ከቅዳሴውና ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ጋር ማገናኘት ያቅተዋል። እኛ ጋ «ተፈጥሮ» ያነበበ ልጅ ቅዳሴ ላይ «ባሕርይ» ሲሰማ ሌላ ነገር የተባለ ይመስለዋል።

እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። መተርጎም ከመጀመሬ በፊት ጽሑፉን አንዴ አንብቤ ከባድ ቃላቱን ለብቻ አወጣለሁ፤ ለአንድ ስብከት ብዙ ጊዜ ከአሥር አይበልጡም። ከእያንዳንዱ ፊት የቤቱን ቃል እጽፋለሁ። የማላውቀውን የተማረ ሰው እጠይቃለሁ እንጂ ከመዝገበ ቃላት አላነሳም። ቃሉ መጀመሪያ ሲመጣ በዚያው ዓረፍተ ነገር በአጭሩ እፈታዋለሁ፤ «አካል ስንል ሥጋን ሳይሆን ራሱን ችሎ የቆመ ህልውናን ነው» እንደማለት። ከዚያ በኋላ ቃሉን አልቀያይርም። ማቅለል ካለብኝ የማቀለው ዓረፍተ ነገሩን ነው፤ ረጅሙን እሰብራለሁ፣ ግሱን አቀርባለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ አክብሮት። አክብሮት ማለት ሁሉንም «እርስዎ» ማለት የሚመስለው ተርጓሚ አለ። እግዚአብሔርን በጸሎት «አንተ» ነው የምንለው፣ እመቤታችንንም «አንቺ»። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ግን «ተወለዱ፣ ዐረፉ» እንላለን። ከእንግሊዝኛው «ዩ» ይህን አታገኙትም፤ ከቤቱ ልማድ ነው የሚገኘው።

በዚያው ጽሑፍ ላይ አንድ ወንድም ለአክብሮት ብሎ «ክርስቶስ በመስቀል ላይ ሞተ» የሚለውን «ዐረፈ» ብሎ አርሞልኝ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት። የኔታ እሱንም አዩት። ለጻድቃን «ዐረፉ» ማለት ተገቢ ነው። ጌታ ግን በሥጋ በእውነት ሞተ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሞቱን ካለዘብነው ትንሣኤውንም አለዘብነው። አክብሮታችን ትምህርቱን ከሸፈነው አክብሮት አይደለም።

ወረቀቱ ከተበተነ በኋላ መሰብሰብ አልተቻለም። በሚቀጥለው እትም ማረሚያ አወጣን፤ ማረሚያ ግን ማን ያነባል? ዛሬም አንድ ቤት የተቀመጠ ቅጂ ይኖራል ብዬ ሳስብ ይከነክነኛል።

እናንተ የምትተረጉሙ፣ «ኔቸር»ን ስታገኙ ቆም በሉ። እኔንም ስሳሳት አርሙኝ፤ ኮሜንቱ ክፍት ነው።