ጉልበት «ያዝ» ሲያደርግና ሲቆለፍ፦ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚቀድመው ጥያቄ

ኳስ ሲጫወት እግሩ መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነቱን ያዞረ ወጣት፣ ከዱካ ተነሥታ ዕቃ ለማንሣት ዞር ያለች እናት፣ ከታክሲ ሲወርድ ጉልበቱ የተጠመዘዘበት መንገደኛ ወደ ሐኪም ሲቀርቡ የሚናገሩት ተመሳሳይ ነው። «ጉልበቴ ውስጥ ቀጭ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ያዝ ያደርገኛል» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ኤምአርአይ ይነሣሉ፤ ውጤቱም «ሜኒስከስ ተቀዷል» ይላል። በዚህ ጊዜ ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «የተቀደደ ነገር መቆረጥ ወይም መሰፋት አለበት» ሲል፣ ሌላው ወጌሻ ይጠራ ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች ቀድሞ መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ዘለውታል። ጥያቄውም «ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል ወይስ አይዘረጋም?» የሚለው ነው።

ሜኒስከስ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል የተቀመጠ የግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ያለው ልስልስ አጥንት ነው። በእያንዳንዱ ጉልበት ሁለት ሁለት አለን። ሥራው የሰውነትን ክብደት ማከፋፈልና የመገጣጠሚያውን ገጽ ከመፋተግ መጠበቅ ነው። የውጭ ጠርዙ የደም ሥር ስላለው ቁስሉ ሊድን ይችላል። የውስጡ ክፍል ግን ደም ስለማይደርሰው ከተቀደደ በቀላሉ አይገጥምም።

አንባቢ ልዩነቱን በቤቱ ሊያይ ይችላል። በጀርባ ተኝቶ ሁለቱንም ተረከዞች በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ማሳረፍና ጉልበቶቹ በራሳቸው ክብደት ወደ ታች እንዲወርዱ መተው ነው። ከዚያ ሁለቱን ማነጻጸር ይገባል። የተጎዳው እንደ ጤነኛው ከተዘረጋ ጉልበቱ አልተቆለፈም፤ ሲራመዱ አልፎ አልፎ ያዝ አድርጎ የሚለቅ ቢሆንም እንኳ። የመጨረሻዋን ጥቂት መጠን አልዘረጋም ብሎ እንደ ላስቲክ የሚመልስ ከሆነ ግን የተቀደደው ቁራጭ ተገልብጦ በመገጣጠሚያው መካከል ተሰንቅሮ ሊሆን ይችላል። በጉዳቱ የመጀመሪያ ቀናት እብጠትና የጡንቻ መኮማተርም ጉልበትን እንዳይዘረጋ ስለሚያደርጉ፣ ልዩነቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው።

በእውነት የተቆለፈ ጉልበት ጊዜ አይሰጠውም። በቀናት ውስጥ የአጥንት ስፔሻሊስት ሊያየው ይገባል። ተሰንቅሮ የሚቆየው ቁራጭ በእያንዳንዱ እርምጃ እየተፈጨ ስለሚሄድ፣ ዛሬ ሊሰፋ ይችል የነበረው ከወራት በኋላ ከመቆረጥ በቀር ሌላ ዕድል ላይኖረው ይችላል። እስከዚያው በክራንች መራመድ ይሻላል። ወጌሻ እንዲጎትተው ወይም በኃይል እንዲዘረጋው ማድረግ ቅዳዱን ሊያሰፋው ይችላል። በጉዳቱ ጊዜ አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ያቃተው ሰው ስብራት እንዳይኖር ራጅ ያስፈልገዋል። ጉልበቱ የሚያቃጥልና ትኩሳት ያለበት ሰው ደግሞ ኢንፌክሽን ሊኖርበት ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

አብዛኛው ሰው ግን ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ጉልበቱ ይዘረጋል፣ ያማል፣ ያዝ ያደርጋል። ለቀዶ ሕክምና መቸኮል የማያስፈልገው ለዚህ ሰው ነው። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑ ነዋሪዎች ላይ የተደረገና በ2008 የታተመ ጥናት፣ በኤምአርአይ የሜኒስከስ ቅዳድ ከታየባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በቅርብ ጊዜ የጉልበት ሕመም እንዳልነበራቸው አሳይቷል። ስለዚህ «ተቀዷል» የሚለው ወረቀት ብቻውን ሕመሙ ከየት እንደመጣ አያረጋግጥም። በ2013 የፊንላንድ ሐኪሞች ያወጡት ጥናት ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ከ35 እስከ 65 ዓመት ያሉ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ቡድን የተቀደደውን ክፍል ቆርጠው አወጡ፤ ለሌላው ቆዳውን ቀደው መሣሪያ ካስገቡ በኋላ ምንም ሳይቆርጡ ዘጉ። ከአንድ ዓመት በኋላ የሁለቱ ቡድኖች መሻሻል ተቀራራቢ ሆነ። መዘርጋት ያቃተው ጉልበት በዚህ ጥናት እንዳልተካተተ ግን መዘንጋት የለበትም።

ዕድሜዋ 47 የሆነ፣ ከዱካ ስትነሣ ጉልበቷ የተጠመዘዘ አንዲት እናት እናስብ። በማግስቱ አበጠ፤ ሲዘረጋ ይዘረጋል፤ ደረጃ ስትወርድና ስትሰግድ ያዝ ያደርጋታል። ለእርሷ የምመክረው ለ12 ሳምንታት በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሪነት መሥራት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከጉልበቷ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጋ ወደ ታች ለ5 ሰከንድ ትጫናለች፤ ይህን 10 ጊዜ ትደግማለች፤ ተረከዟንም ወደ መቀመጫዋ ቀስ ብላ ትስባለች። ቀጥሎ ከረዘም ያለ ወንበር እጇን ሳትደገፍ መነሣትና መቀመጥ፣ በዝቅተኛ ደረጃ መውጣትና መውረድ ይመጣል። ከሰባተኛው ሳምንት በኋላ በአንድ እግር መቆምና ጠንከር ያለ ሥራ ይጨመራል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። ሲሠሩ መጠነኛ ሕመም መሰማቱ አያስፈራም፤ በማግስቱ ሕመሙ ከበፊቱ ከባሰ ወይም ጉልበቱ ካበጠ ግን በዝቷልና መጠኑን መቀነስ ነው። እስከዚያው ዱካውን በወንበር መተካትና በጥልቀት ከማጎንበስ መቆጠብ ይጠቅማል።

«ስፖርት የተቀደደውን እንዴት ይሰፋዋል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ልክ ነው፤ አይሰፋውም። የጭንና የዳሌ ጡንቻ ሲጠነክር ግን ጉልበቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጋራል፤ ሕመሙም ይቀንሳል። ሁሉም ሰው ግን በዚህ አይድንም። በዴንማርክ ከ18 እስከ 40 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ የተደረገና በ2022 የታተመ ጥናት በስፖርት ከጀመሩት ሩብ ያህሉ በዓመቱ ውስጥ ወደ ቀዶ ሕክምና ተሻግረዋል፤ የቀሩት ሳይቆረጡ ቆይተዋል። በዓመቱ መጨረሻም የሁለቱ ቡድኖች ሁኔታ ብዙ አልተራራቀም። በስፖርት መጀመር የቀዶ ሕክምናን በር አይዘጋም፤ ተቆርጦ የወጣ ሜኒስከስ ግን አይመለስም።

ከሦስት ወር ትጋት በኋላ ጉልበቱ ካልተሻሻለ ወይም መቆለፍ ከጀመረ ወደ ቀዶ ሐኪሙ መመለስ ተገቢ ነው። ያን ጊዜ «ሊሰፉት ነው ወይስ ሊቆርጡት?» ብሎ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው። የተቆረጠለት ሰው በሳምንታት ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ግን ትራሱ ስለቀነሰ በዓመታት ውስጥ መገጣጠሚያው የመበላት ዕድሉ ይጨምራል። የተሰፋለት ለሳምንታት በክራንች ይሄዳል፣ ወደ ኳስ ሜዳ ለመመለስም ወራት ይፈልጋል፤ አንዳንዱም ስፌት ሳይዝ ይቀራል። ሆኖም ከያዘ ሜኒስከሱ በቦታው ይኖራል። ለወጣትና ቅዳዱ በውጭው ጠርዝ ላይ ለሆነ ሰው መስፋቱ ቢቀድም ይመረጣል። በሁለቱም መንገድ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያው የጡንቻ ሥራ ይጠብቃል፤ ክፍያውን ከመፈጸም በፊት ፊዚዮቴራፒው የት እንደሚደረግና ወጪው ስንት እንደሆነ አብሮ ማስላት ያስፈልጋል።