ቀን ያልተጻፈበት የኢንሹራንስ ደብዳቤ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ካሉት ትናንሽ ቢሮዎች በአንዱ ባለፈው ኅዳር የሆነ ነገር ነው። ድርጅቱ 38 ሠራተኞች አሉት። ለሁሉም በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን የሚታደስ የቡድን የሕክምና ኢንሹራንስ ገብቶላቸዋል። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ እስከ ጥቅምት 30 ሠርቶ ለቀቀ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በእሱ ቦታ አንድ ወጣት ተተካ። ኅዳር 22 ሌሊት ወጣቱን ሆዱን ቆረጠው። ታላቅ እህቱ ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ይዛው ሄደች፤ ትርፍ አንጀት ነው ተባለ። «መሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ አለው» ብላ መስኮቱ ጋ ስትቆም ገንዘብ ተቀባይዋ ኮምፒዩተሩን አየት አድርጋ፣ «እህቴ፣ ስሙ ሲስተም ላይ የለም፤ ተቀማጭ አስይዢ» አለቻት።

ልጁ በሰላም ተነሣ። ሒሳቡ ግን 64 ሺህ ብር መጣ፣ እህትየውም ከዘመድ ከወዳጅ ተበድራ ከፈለች።

የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ጎረቤቴ ነው። እኔም ለትናንሽ ድርጅቶች እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ስጽፍ ዓመታት ስላሳለፍኩ ፋይሉን ይዞ ቤቴ መጣ። «ደብዳቤውንማ ጽፈናል እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ተጽፏል። ጉዳዩ፦ «የሕክምና መድን አባላትን ስለመጨመርና ስለመቀነስ» ይላል። «በድርጅታችን የሠራተኛ ለውጥ ስለተደረገ ከዚህ በታች ስማቸው የተጠቀሰው እንዲስተካከልልን በትህትና እንጠይቃለን» ይልና ሁለት ስም ያስከትላል። ትህትናው አልጎደለም። የጎደለው ከመቼ ጀምሮ የሚለው ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሦስት ቀኖች አሉት፤ የተጻፈበት፣ ለውጡ የሚጸናበትና ኢንሹራንሱ ቢሮ የደረሰበት። ይህኛው የተጻፈው ኅዳር 3 ነው። ሥራ አስኪያጁ መስክ ስለነበሩ ሳይፈረም ቆየ፤ ሲመለሱ ደግሞ «ሌላ የሚለቅ ካለ አብሮ ይሂድ» ተባለና ፎልደር ውስጥ አደረ። ኢንሹራንሱ መዝገብ ቤት «ደርሷል» የሚል ማህተም የተመታበት ታኅሣሥ 6 ነው። ለውጡ የሚጸናበት ቀን በደብዳቤው ስላልተጻፈ፣ ኢንሹራንሱ በውሉ መሠረት የደረሰበትን ቀን ያዘ። ልጁ ታኅሣሥ 6 ቀን መድን ገባ፣ የታመመው ግን ኅዳር 22 ነው።

«ታዲያ አሁን ከኅዳር 1 ጀምሮ ብለን ሌላ ደብዳቤ ብንጽፍስ?» አለ ጎረቤቴ። አይሆንም። መድን የሚገባው ገና ላልደረሰ ነገር ነው። ሰውየው ከታመመ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስመዝገብ፣ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ የእሳት ኢንሹራንስ እንደመግዛት ነው። አንዳንድ ውል ማስታወቂያው በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ከደረሰ ሽፋኑን ከቅጥሩ ቀን ያስጀምራል። ያ የጊዜ ገደብ በራሳችሁ ውል ላይ ስንት ቀን እንደሆነ መፈለግ ነው። የዚህ ድርጅት ውል ግን እንዲህ ዓይነት አንቀጽ አልነበረውም።

ሒሳቡን እንየው፤ ሰዎች ደብዳቤውን የሚያዘገዩት ገንዘብ የሚቆጥቡ እየመሰላቸው ነውና። የአንድ ሰው የዓመት አረቦን 7,300 ብር ነው። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 20 ብር ይደርሳል። በዓመቱ መሐል የሚገባ ሰው የሚከፈልለት ለቀሩት ቀናት ብቻ ነው። ከኅዳር 1 እስከ ሰኔ 30 ስምንት ወር፣ ማለትም 240 ቀን ስለሆነ ለአዲሱ ልጅ 4,800 ብር ይከፈል ነበር። ለለቀቀው ሠራተኛም እንዲሁ የ240 ቀን አረቦን፣ 4,800 ብር ይመለስ ነበር። አንዱ ወጥቶ አንዱ ሲገባ ድርጅቱ አንድ ብር እንኳ አይጨምርም ነበር ማለት ነው። ደብዳቤው ኅዳር 1 ቢደርስ ኖሮ ጠቅላላ ወጪው ለታክሲና ለወረቀት የሚሆን ብቻ ነበር።

አሁን ግን ለአዲሱ የተከፈለው ከታኅሣሥ 6 ጀምሮ ላለው 205 ቀን፣ 4,100 ብር ነው። 35 ቀን በመዘግየት 700 ብር «ተቆጠበ»፤ በእነዚያ 35 ቀናት ውስጥ ደግሞ የ64 ሺህ ብር ቀዶ ሕክምና ገባ።

የለቀቀው ሰው ነገርም አለ። ካርዱን ማንም አልተቀበለውም። ኅዳር 12 ቀን ክሊኒክ ሄዶ፣ ካርዱን አሳይቶ፣ በ3,500 ብር ምርመራና መድኃኒት ወሰደ። ልውጣበት ብሎ አይመስለኝም፤ ካርዱ ይሠራል፣ ስሙም ሲስተም ላይ አለ። ለእሱ የሚመለሰው አረቦንስ? እንደ ብዙዎቹ ውሎች ሁሉ ይህም ውል በዓመቱ ውስጥ ከተጠቀመ ሰው አረቦን አይመልስም። 4,800 ብሩ በዚያች ቀን ቀረ። ደብዳቤው ዘግይቶም ቢሆን «ከኅዳር 1 ጀምሮ ይቀነስልን» ብሎ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ኢንሹራንሱ ለክሊኒኩ የከፈለውን 3,500 ብር ከድርጅቱ ይጠይቅ ነበር። ለዚህ ነው ካርድ መመለስ ክሊራንስ ወረቀቱ ላይ ከላፕቶፑና ከቁልፉ ጋር መቆጠር ያለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲሰናበት የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ነው የሚከፈለው። ካርዱን ለመቀበል ከዚያ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

በነገራችን ላይ የለቃቂው ጉዳይ ድንገተኛ ሊሆን አይችልም ነበር። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይኸው አዋጅ ይደነግጋል። ይህ ሰው ማመልከቻውን ያስገባው መስከረም 30 ነው። ድርጅቱ ለደብዳቤው ሙሉ የጥቅምት ወር ነበረው! መልቀቂያው በጸደቀ ዕለት «እስከ ጥቅምት 30 ይቆይ፣ ከኅዳር 1 ጀምሮ ይቀነስ» ብሎ መላክ ይቻል ነበር። እኛ ጋ ግን የመልቀቂያ ማመልከቻ ምትክ ለመፈለግ እንጂ ለኢንሹራንሱ ለመጻፍ መነሻ አይደለም።

ስለ አዲስ ገቢዎች የምሰማውና ፈጽሞ የማልቀበለው ሌላ ክርክር አለ፤ «የሙከራ ጊዜውን ይጨርስና እናስገባዋለን» የሚለው። የሙከራ ጊዜ በአዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀናት ይደርሳል። በካላንደር ሲቆጠር ከሁለት ወር ያልፋል። ሰዎቹ የሚፈሩት ልጁ ካልሆነን ገንዘባችን ባከነ ብለው ነው። ግን ካልተጠቀመ የቀሪው ቀን አረቦን ይመለሳል፤ ከተጠቀመ ደግሞ ኢንሹራንሱ የተገዛው ለዚያ ነው። ማስፈራት ያለበት ሌላ ነገር ነው። የዚህ ልጅ የቅጥር ደብዳቤ «የሕክምና ኢንሹራንስ ተጠቃሚ ይሆናሉ» ይላል፣ «ከሙከራ ጊዜ በኋላ» አይልም። እንዲህ ብሎ ፈርሞ ስሙን ያላስተላለፈ አሠሪ፣ ኢንሹራንሱ ባይከፍል እንኳ እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ ሊል አይችልም። ልደታ ፍርድ ቤት ደግሞ ከኮንዶሚኒየሙ በእግር የሚደረስ ነው።

ደብዳቤው በጊዜ ሄዶም የሚሰናከልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ቀን አጻጻፍ ነው። እኛ «1/3/2018» ብለን ስንጽፍ ኅዳር 1 ማለታችን ነው። የኢንሹራንሱ ሲስተም በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ፣ መዝጋቢው ተጣድፎ ማርች 1 ብሎ ሊያስገባው ይችላል። ዓመተ ምህረቱ ቢያስጠረጥረውም ሥራ ሲበዛ ማን ያያል? ትክክለኛው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 2025 ስለሆነ ልጁ አራት ወር ሊሞላ ትንሽ ለቀረው ጊዜ ያለ ሽፋን ይቀመጥ ነበር። የወሩን ስም በፊደል፣ ከጎኑም የፈረንጁን ቀን መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሁለተኛው የስም ፊደል ነው። ካርዱ በእንግሊዝኛ ይታተማል። ዮሐንስ አንዱ ጋ በ«ጄ»፣ ሌላው ጋ በ«ዋይ» ይጀምራል፣ ሆስፒታሉም ከመታወቂያው ጋር አልገጠመም ብሎ ይመልሳል። ፋይዳው ላይ ያለውን አጻጻፍ እንዳለ መገልበጥ ነው፣ ሠራተኛው በሚወደው አጻጻፍ አይደለም።

ለጎረቤቴ ያዘጋጀሁለት ደብዳቤ ረዥም አይደለም። መጀመሪያ የውሉን ቁጥር ይጠቅሳል። ቀጥሎ «ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 2025) ጀምሮ እንዲጨመሩ» ብሎ የሰውየውን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታና የተቀጠረበትን ቀን ያሰፍራል። የሚቀነሱት ለብቻቸው፣ የመጨረሻ የሥራ ቀናቸውና ካርዳቸው አብሮ መመለሱ ተጽፎ ይቀመጣሉ። መጨረሻ ላይ ማሻሻያውና የሒሳብ ማስተካከያው በጽሑፍ እንዲደርሰን ይላል። በሁለት ኮፒ ይሄዳል፤ አንዱ ማህተምና ቀን ተመትቶበት ይመለሳል። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ለጥድፊያ ጥሩ ነው፣ ክርክር ሲመጣ ግን የሚፈለገው ማህተም ያለበት ወረቀት ነው። ማሻሻያው ሲመጣም ስሙንና ቀኑን ሳያነቡ ፋይል ማድረግ የለም፤ ኢንሹራንሱ የሚገዛው እዚያ ላይ ባለው እንጂ እኛ በጠየቅነው አይደለም።

ሥራ አስኪያጁ መጨረሻ ላይ 64 ሺህ ብሩን ድርጅቱ እንዲከፍል ወሰኑ። በሁለት ጊዜ ተከፍሎ እህትየው ብድሯን መለሰች። እኔና ጎረቤቴም በዚያው የ38ቱን ሠራተኞች ስም ከኢንሹራንሱ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አስተያየን። የለቀቀው ሰው ስም ወጥቷል። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ግን በቤተሰብ ስም የተመዘገቡበት መስመር ላይ እንዳሉ ነበሩ፤ ደብዳቤው የሱን ስም ብቻ ነበር የጠራው። ሦስት ሰው፣ በቀን 60 ብር።