ከሠርግ ፎቶግራፍ ሥር ምን ይጻፍ?

አንባቢ ሆይ፤ ሠርግ የሚያነሣ ወዳጅ ቢኖርዎት ይህን ይንገሩልኝ። ከፎቶግራፉ ሥር «የማይረሳ ቀን» ብሎ ቢጽፍ አላፊ አግዳሚው ያደንቅለት ይሆናል፤ ቀን የቆረጡ እጮኞች ግን የሚፈልጉትን አያገኙበትም። እነርሱ የሚሹት የራሳቸው ሠርግ ሲደርስ ችግሩ እንዴት እንደሚቃለል ማወቅ ነውና። ስለዚህ እንዲህ ይጻፍ፦

«የመልስ ምሽት፣ በሙሽራዪቱ ወላጆች ቤት። ሳሎኑ ጠባብና ጨለማ ስለ ነበረ የካሜራውን ብልጭታ ወደ ነጩ ጣሪያ አዙረን፣ አያቶቹን ከመቀመጫቸው ሳናንቀሳቅስ አነሣናቸው። የሠርግዎን ቀንና ቦታ ይጻፉልን።»

የሙሽሮቹ ስም ያለ ፈቃዳቸው አይጻፍ። ጽሑፉ መሥራቱ የሚታወቀውም ጠያቂው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ዝም ማለቱን ትቶ ቀኑንና ቦታውን አስቀድሞ ሲነግር ነው።