አድራሻችን ለምን %E1 ይሆናል?

በአማርኛ ዊኪፔዲያ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ገጽ አድራሻ ቀድተን ለወዳጅ ብንልክ፣ ስሙ በ%E1%8A%A2 የሚጀምር ረጅም ሰንሰለት ሆኖ ይደርሳል። ቫይረስ መስሎት ሳይከፍተው የሚተወው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገሩ ግን የደንብ ጉዳይ ነው። የድረ ገጽ አድራሻ በመሠረቱ የሚቀበለው የእንግሊዝኛ ፊደላትን፣ አኀዞችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው። ስለሆነም እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ወደ 3 ባይት ይለወጥና በየባይቱ ፊት የፐርሰንት ምልክት ይገባል። %E1%8A%A2 «ኢ» ብቻ ናት፤ አምስቱ ፊደላት 45 ምልክት ይሆናሉ።

እኛ የሚነበበውን አድራሻ መላክ እንመርጣለን፤ ተቀባዩ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ሊያይ ይገባዋልና። ለዚህም ከ/wiki/ በኋላ ያለውን ቃል ብቻ ለይቶ መቅዳትና የፊተኛውን ክፍል በእጅ መጻፍ ይበቃል፦

```
https://am.wikipedia.org/wiki/ኢትዮጵያ
```

አራት ነጥብን ግን አናስጠጋበት። አንዳንድ የመልእክት ፕሮግራም የአድራሻው አካል ያደርገውና ገጹ «የለም» ይባላል፤ መጨረሻው ላይ %E1%8D%A2 ካየን ጥፋቱ የነጥቡ ነው። አድራሻውን የመጀመሪያው የአማርኛ ፊደል ላይ ቆርጦ የሚያስቀር ፕሮግራም ሲያጋጥመን ደግሞ ኮዱን እንዳለ እንልካለን።