አንድ ዓይነት ወርቅ፣ ሁለት ዋጋ፦ ትንሹ ለምን ይወደዳል?

ወርቅ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በአውንስ 3,000 ዶላርን ተሻገረ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በጥቅምት ደግሞ 4,000 ዶላርን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ስልካችን ላይ የወርቅ ዋጋ መከታተል እንደ ኳስ ውጤት ሆኗል። ገበያው ሲሞቅ የሚገዛውም ይበዛል። በተለይ ዱባይና ሌሎች የገልፍ ከተሞች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ከደሞዛቸው ቀንሰው አንድ ግራም፣ ሁለት ግራም ተኩል፣ አምስት ግራም የሚመዝን በካርድ የታሸገ ጥፍጥፍ ወርቅ ሲገዙ ማየት የተለመደ ነው።

ታዲያ ሱቅ ሲደርሱ ብዙዎች ግራ የሚጋቡበት ነገር አለ። ስልኩ ላይ ያለው የግራም ዋጋና ሻጩ የሚጠራው ዋጋ አይገናኝም። ሻጩ ሁልጊዜ ከፍ ያደርጋል። ይባስ ብሎ አንድ ግራም ብቻ የሚገዛ ሰው፣ መቶ ግራም ከሚገዛው ይልቅ ለእያንዳንዱ ግራም የበለጠ ይከፍላል። ወርቁ ግን ያው 999.9 ንጹህ ወርቅ ነው። ሌብነት ነው? አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ነገሩን ካልተረዳችሁት ግን ወርቅ ጨምሮም ከስራችሁ ልትከስሩ ትችላላችሁ።

▪️ ስልካችሁ ላይ ያለው ዋጋ የማን ዋጋ ነው?

ከዚህ እንጀምር። ስልኩ ላይ የምታዩት ዋጋ በእንግሊዝኛው “ስፖት” የሚባለው ነው። የትልልቆቹ ዋጋ ማለት ነው። የዓለም ወርቅ ንግድ ማዕከል በሆነችው ለንደን፣ ባንኮች እርስ በርስ የሚገበያዩበት ጥፍጥፍ አንዱ ብቻውን 400 አውንስ አካባቢ ይመዝናል። ከ12 ኪሎ በላይ ነው። አውንስ በ4,000 ዶላር ሲሆን አንዷ ጥፍጥፍ 1.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ታወጣለች። እሷም ብዙ ጊዜ ከተቀመጠችበት ካዝና አትነቃነቅም፤ በወረቀት ላይ ባለቤት ትቀይራለች እንጂ።

ስለዚህ ስፖት ዋጋ ላይ የማሸጊያ፣ የመላኪያ፣ የሱቅ ኪራይ፣ የሻጭ ደሞዝ የለበትም። በኩንታል ጅምላ የሚገዛ ነጋዴ የሚከፍለውን የጤፍ ዋጋ ይዛችሁ ሰፈር ሱቅ ሄዳችሁ አንድ ኪሎ በዚያ ሒሳብ ስጡኝ እንደማለት ነው። በስፖትና እናንተ በምትከፍሉት መካከል ያለው ልዩነት ፕሪሚየም ይባላል። አገር ቤት ወርቅ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው “የእጅ ዋጋ” የሚባለውን ያውቃል። ፕሪሚየምም የዚያ ዘመድ ነው።

▪️ ልፋቱ በግራም አይለካም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ኪሎ የሚመዝን ጥፍጥፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ በመፍሰስ ነው። ይቀዘቅዛል፣ ይመዘናል፣ ማህተምና ቁጥር ይመታበታል፣ አለቀ።

የአንድ ግራሟ ሥራ ግን ረዘም ይላል። ወርቁ መጀመሪያ ረጅም ሰቅ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በማሽን እየተዳመጠ ትክክለኛው ስስነት ላይ ይደርሳል። ቀጥሎ እንደ ብስኩት ሊጥ ይቆረጣል። ከቆረጣው የተረፈው ቁርጥራጭ ተመልሶ ይቀልጣል። እያንዳንዷ ቁራጭ ለብቻዋ ትመዘናለች፣ ምክንያቱም ከተጻፈባት ክብደት ማነስ የለባትም። ከዚያ ምስል ይታተምባታል፣ መለያ ቁጥር ካለው ካርድ ጋር ትታሸጋለች።

ከአንድ ኪሎ ወርቅ አንድ ትልቅ ጥፍጥፍ ስታወጡ ይህን ሁሉ አንዴ ትሠራላችሁ። ከዚያው ኪሎ ባለ አንድ ግራም ስታወጡ ግን መመዘኑን፣ ማተሙን፣ ማሸጉን 1,000 ጊዜ ትደግሙታላችሁ። ሱቁም ጋ ያው ነው። ሻጩ አንድ ግራም ለመሸጥም መቶ ግራም ለመሸጥም ሚዛን ያወጣል፣ ደረሰኝ ይጽፋል፣ ከደንበኛ ጋር ያወራል። ወጪው የሚቆጠረው በቁራጭ ነው። የሚከፈለው ግን በግራም ተካፍሎ ነው። ግራሙ ሲያንስ፣ በእያንዳንዱ ግራም ላይ የሚያርፈው ድርሻ ይከብዳል። ምስጢሩ ይኸው ነው።

▪️ ሳንቲምስ?

የወርቅ ሳንቲም ላይም ሕጉ አይቀየርም። ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የአሜሪካ መንግሥት የሚያትመው “አሜሪካን ኢግል” ነው። የአሜሪካ ሚንት ሳንቲሙን ለተፈቀደላቸው አከፋፋዮች ሲሸጥ ለረጅም ዓመታት የተጠቀመበት ጭማሪ እንዲህ ነበር፦ ባለ አንድ አውንሱ ላይ 3 በመቶ፣ ግማሹ ላይ 5፣ ሩቡ ላይ 7፣ የአውንስ አንድ አስረኛ የሆነችው ትንሿ ላይ 9 በመቶ።

አውንስ 4,000 ዶላር ነው ብለን በዚህ ጭማሪ እናስላው። አንድ ትልቅ ሳንቲም ለአከፋፋዩ 4,120 ዶላር ይሆናል። አሥር ትንንሾች ግን 4,360። የወርቁ መጠን እኩል ነው፣ ልዩነቱ 240 ዶላር። ይህ እንግዲህ አከፋፋዩና ሱቁ የራሳቸውን ሳይጨምሩ ነው።

ሳንቲም ብዙ ጊዜ በክብደት ከሚስተካከለው ጥፍጥፍ ትንሽ ወደድ ይላል። ለዚህም ምክንያት አለ። ጀርባው ላይ መንግሥት አለ፣ መጠኑና ክብደቱ የታወቀ ስለሆነም የትም አገር ያለ ነጋዴ ቶሎ ይለየዋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚታተመው የደቡብ አፍሪካው ክሩገራንድ ባለ 22 ካራት ነው፤ ጠቅላላ ክብደቱ 33.93 ግራም ሲሆን ውስጡ ልክ አንድ አውንስ፣ ማለትም 31.1 ግራም ንጹህ ወርቅ አለ። የቀረው እንዲጠነክር የተቀላቀለ መዳብ ነው። “22 ካራት ስለሆነ ወርቁ ይጎድላል” የሚሉ አሉ፤ አይጎድልም፣ ሳንቲሙ ነው ከበድ የሚለው።

▪️ ሒሳቡን እንሥራው

ለስሌት እንዲቀል ስፖት በግራም 100 ዶላር ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ በየሱቁ ይለያያሉ። ባለ አንድ ግራሟ 112 ዶላር ትሸጣለች፣ ባለ አሥር ግራሟ ደግሞ 1,025።

ሄለን በየወሩ አንድ አንድ ግራም እየገዛች በአሥር ወር አሥር አደረሰች እንበል። ዋጋው ባይለወጥ 1,120 ዶላር አወጣች። ሰላም ብሯን አጠራቅማ አንዴ ባለ አሥር ግራሟን ገዛች፣ 1,025 ከፈለች። እስካሁን ልዩነቱ 95 ዶላር ነው፤ አንድ ግራም ሊሞላ ምንም አልቀረው።

አሁን ሁለቱም መሸጥ ፈለጉ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው። የሚገዛቸው ነጋዴ ለማሸጊያውና ለማህተሙ የከፈሉትን አይመልስላቸውም። ከስፖት 2 በመቶ ቀንሶ ይገዛል እንበል፣ ለሁለቱም 980 ዶላር ይሰጣል። ሄለን 140 ከሰረች፣ ሰላም 45።

በሌላ አነጋገር ሄለን ያወጣችውን ብቻ ለማግኘት ወርቅ ከ14 በመቶ በላይ መጨመር አለበት። ሰላም ግን ወደ 4.6 በመቶ ከጨመረ ይበቃታል። ዜናው “ወርቅ በ10 በመቶ ጨመረ” ሲል ሰላም አትርፋለች፣ ሄለን ገና ኪሳራ ላይ ናት። ሁለቱም የያዙት አሥር ግራም ነው።

▪️ ፕሪሚየሙ ራሱ ይወጣል፣ ይወርዳል

ሌላው ወጥመድ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኮቪድ ሲመጣ ስፖት ዋጋ ለጥቂት ቀናት ወርዶ ነበር። ያኔ ሰው ሳንቲምና ትንንሽ ጥፍጥፍ ለመግዛት ተሻማ። በዚያው ሰሞን በጣሊያን ድንበር ላይ ባለው የስዊዘርላንድ ቲቺኖ ግዛት ያሉት ሦስቱ ትልልቅ ማጣሪያዎች፣ ቫልካምቢ፣ ፓምፕና አርጎር ሄሬየስ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ሥራ አቆሙ። ካዝና ውስጥ ወርቅ ሞልቶ ነበር። የጠፋው ትልቁን ቆርጦ ትንሽ የሚያደርገው ማሽንና ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ስልክ ላይ ያለው ዋጋ እየወረደ የሱቁ ጭማሪ ወጣ።

በሽሚያ ሰዓት የገዛ ሰው ሁለት ነገር ነው የገዛው፦ ወርቁንና የሰዓቱን እጥረት። እጥረቱ ሲያልፍ ለእሱ የከፈለው አብሮ ያልፋል።

▪️ ታዲያ ሁልጊዜ ትልቁ ይሻላል?

አይደለም። ባለ መቶ ግራም የያዘ ሰው ለቤት ኪራይ የሚሆን ትንሽ ብር ቢያስፈልገው ሙሉውን መሸጥ አለበት። ቆርጦ ልሽጥ ቢል ማህተሙም ካርዱም ዋጋ ያጣል፣ ገዢው እንደ ስብርባሪ ወርቅ ፈትሾ ዝቅ አድርጎ ነው የሚወስደው። በዚያ ላይ ትልቅ ጥፍጥፍ ለአጭበርባሪ ያመቻል። ተንግስተን የሚባለው ብረት እፍጋቱ ከወርቅ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ውስጡ ተቀብሮ ላዩ ወርቅ ቢለበጥ ሚዛን ብቻውን ላይለየው ይችላል። ትንሿ ላይ እንዲህ መልፋት ብዙም አያዋጣም። ስለዚህ በትንሿ ላይ የምትከፍሉት ትርፍ፣ ከፋፍሎ የመሸጥ ነጻነት ዋጋ ነው። ያ ነጻነት የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ግን በከንቱ አትክፈሉት።

መሃል መንገድም አለ። በምሳሌያችን አንድ ግራሟ ላይ ጭማሪው 12 በመቶ ነበር፣ አሥር ግራሟ ላይ 2.5። ትልቁ ቁጠባ ያለው ከአንድ ወደ አምስትና አሥር ግራም ስትወጡ ነው። ከዚያ በላይ ጭማሪው መቀነሱን ቢቀጥልም የምታተርፉት እያነሰ ይሄዳል።

▪️ ሱቅ ስትገቡ

ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱ። የአውንሱን ዋጋ ለ31.1035 አካፍሉት፣ የግራም ስፖት ይወጣል። ዱባይ ከሆናችሁ በ3.6725 አባዙት፣ በድርሃም ይሆናል። ቀጥሎ ሻጩ የጠራውን ዋጋ ለግራሙ ብዛት አካፍሉና አወዳድሩ። ልዩነቱ በመቶ ስንት እንደሆነ እዚያው ታዩታላችሁ። በነገራችን ላይ ዱባይ ጌጣጌጥ ላይ 5 በመቶ ቫት አለ፣ ንጽህናው 99 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቨስትመንት ጥፍጥፍና ሳንቲም ላይ ግን ቫቱ ዜሮ ነው። ደረሰኙን እዩት።

ከዚያ ገንዘብ ሳታወጡ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ “ይህንኑ ዛሬ መልሼ ብሸጥልህ በስንት ትገዛኛለህ?” ስልካችሁ ላይ ያለው ቁጥር ያልነገራችሁን የሚነግራችሁ የእሱ መልስ ነው። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ክፍተት፣ ወርቅ እናንተን ለማትረፍ መጀመሪያ መዝለል ያለበት ገደል ነው።