ወለድ ሳይከፍሉ የክሬዲት ታሪክ መጀመር፦ ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ ወንድሞችና እህቶች



በዲቪም ይሁን በቤተሰብ ጥሪ ወደ አሜሪካ የሄዱ ወጣቶቻችን ቀላል አይደሉም። እዚህ "የማንም ዕዳ የለብኝም" ማለት ያኮራል። እዚያ ግን ተበድሮ የማያውቅ ሰው የማይታወቅ ሰው ነው። የሰውን የብድር መዝገብ የሚይዙት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ኤክስፔሪያን፣ ኢኩፋክስ እና ትራንስዩኒየን፣ ስለ እሱ የጻፉት ነገር የለም። ስለዚህ አፓርታማ ሲከራይ ተጨማሪ ማስያዣ ሊጠየቅ ወይም ዋስ አምጣ ሊባል ይችላል። የሚገርመው ደግሞ ከወለድ ነፃ በሆነ መንገድ ቤት የሚያስገዙ ድርጅቶችም ይህንኑ መዝገብ ማየታቸው ነው።

ከእኛ መካከል ግማሹ "ክሬዲት የሚባል ሁሉ ሪባ ነው" ብሎ ሳይጠይቅ ይርቃል። ሌላው ያገኘውን ካርድ ወስዶ ዝም ብሎ ይጠቀማል። በእኛ እይታ ሁለቱም የነገሩን አሠራር ካለማወቅ የመጡ ናቸው።

ታሪክ ለሌለው ሰው በብዛት የሚሰጠው በማስያዣ የሚወጣ ክሬዲት ካርድ ነው። 200 ዶላር ያስይዛል፣ ባንኩም እስከ 200 ዶላር እንዲጠቀም ይፈቅድለታል። ዴቢት ካርድ ይህን አይተካም፤ የሚያወጣው የራሱን ገንዘብ ስለሆነ ለመዝገቡ የሚጻፍ ብድር የለም።

አንድ ወንድም በዚህ ካርድ በወር ውስጥ የ170 ዶላር አስቤዛና ነዳጅ ገዛ እንበል። የወሩ ሂሳብ በ5ኛው ቀን ይዘጋል፣ የመክፈያው ቀን ደግሞ 30 ነው። በሕግ በሂሳቡ መላክና በመክፈያው ቀን መካከል ቢያንስ 21 ቀን መኖር አለበት። 170ውን ሙሉ እስከ 30 ድረስ ከከፈለ ወለዱ ዜሮ ነው። ነገር ግን ለመዝገብ ድርጅቶቹ ብዙውን ጊዜ የሚላከው ሂሳቡ በተዘጋበት ቀን ያለው ዕዳ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከ200 ውስጥ 170፣ ማለትም 85 ከመቶ የተጠቀመ ሆኖ ይታያል፤ ይህ ነጥቡን ይጎዳል። በ3ኛው ቀን 160ውን ቀድሞ ከከፈለ ግን የሚታየው 10 ዶላር፣ 5 ከመቶ ብቻ ነው። ቀሪዋን 10 ዶላር እስከ 30 ይከፍላል። ገዝቶ የዋለው ያው ነው፣ መዝገቡ ግን ሌላ ሆነ።

ችግሩ የሚጀምረው አውቶማቲክ ክፍያ ሲሞላ ነው። ገጹ ላይ "Minimum Payment" እና "Statement Balance" የሚሉ ምርጫዎች አሉ። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው 25 ዶላር ከፍሎ "ከፍያለሁ" ብሎ ይተኛል። ቀሪው 145 ዶላር ወለድ መቁጠር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚገዛው ዕቃም አብዛኛውን ጊዜ የእፎይታ ጊዜውን ያጣና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል። ሁለተኛውን መምረጥ ነው፣ ለክፍያው የሚበቃ ገንዘብም ባንክ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ። ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ የእፎይታ ጊዜ የለውም። ለቤተሰብ በካርዱ ገንዘብ መላክንም ብዙ ባንኮች እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጥሩታል፤ ለእናት የተላከው ገንዘብ በዚያው ቀን ወለድ ይጀምርበታል ማለት ነው።

"ካልከፈልኩ ወለድ እከፍላለሁ" የሚል ውል መፈረሙ ራሱስ? እዚህ ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ። ውሉን ራሱን የሚከለክሉ አሉ፤ በጊዜው ሙሉ እንደሚከፍል እርግጠኛ ለሆነና ለቸገረው የፈቀዱም አሉ። ከመፈረም በፊት የሚያምኑትን ዓሊም መጠየቅ ነው። ወላሁ አዕለም።

ካርዱን ለማይፈልግ እኛ የምንወደው ሌላ መንገድ አለ። የእኛ እቁብ ከወለድ ነፃ መበዳደር ነው፤ ችግሩ የእቁብ ዳኛው ደብተር ከእነዚያ ሦስት ድርጅቶች አለመድረሱ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ሚሽን አሴት ፈንድ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይህንኑ አሠራር ወስዶ አባላት እየተፈራረሙ ያለ ወለድ በየተራ እንዲወስዱ ያደርጋል፣ የየወሩን ክፍያም ለመዝገብ ድርጅቶቹ ያሳውቃል። በዲሲም በሲያትልም እቁብ የሚጥሉ ማኅበሮቻችን ይህን ለመሞከር ምን ያግዳቸዋል?

በየትኛውም መንገድ ቢጀመር፣ ፋይኮ የሚባለው ነጥብ የሚወጣው አንድ ሂሳብ ቢያንስ ስድስት ወር ሲሞላው ነው። 30 ቀን ያለፈ አንድ ክፍያ ግን መዝገቡ ላይ ሰባት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ካርድ ሰጪው ለሦስቱም መላኩን ከመፈረም በፊት መጠየቅ፣ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላም annualcreditreport.com ላይ ገብቶ በነፃ ማየት ይቻላል። ሂሳቡ እዚያ ካልታየ ወይም ስም በሌላ ፊደል ተጽፎ ከተገኘ (የእኛ ስሞች ላይ መሐመድ ብቻ ስንት ዓይነት አጻጻፍ አለው!) ወዲያውኑ ማስተካከያ መጠየቅ ነው።