ሳይተኙ ማደር ጀግንነት አይደለም!

ዛሬ የምናወራው ስለ እንቅልፍ ነው። "ስንት ጉዳይ እያለ ስለ እንቅልፍ?" የሚል ኮሜንት ከወዲሁ ይታየኛል። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱኝ።

መሀላችን አንድ ክፉ ልማድ አለ። ፈተና ሲደርስ "ትናንት ሳልተኛ ነው ያደርኩት" የሚል ልጅ እንደ ጀግና ይታያል። አንዱ "4 ሰዓት ተኛሁ" ሲል ሌላው "ታድለሃል! እኔ 2 ሰዓት ብቻ" ይላል። በጊዜ የተኛው ደግሞ ሰነፍ ተብሎ ይሾፍበታል። ሥራ ቦታም ያው ነው፤ ዓይኑ የቀላው "ታታሪ" ይባላል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ከእንቅልፉ ቆርጦ ለጥናት የሚሰጥ ሰው፣ የቆረጠው ጥናቱን ራሱን ነው። ለምን እንዲህ እንደምል በአንድ ሰው ታሪክ ላሳያችሁ።

የአክስቴ ልጅ 24 ዓመቱ ነው። ቀን ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ይሠራል፣ ማታ በኤክስቴንሽን አካውንቲንግ ይማራል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሥራ፣ ከ11 ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ተኩል ክፍል። ቤት የሚገባው 3 ተኩል ላይ ነው። እራት በልቶ፣ ስልኩን ነካክቶ፣ 4 ተኩል ላይ ደብተር ይከፍታል። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያነብና ይተኛል፤ 12 ሰዓት ላይ ይነሳል። በወረቀት ላይ ካየነው በየቀኑ 3 ሰዓት ተኩል ያጠናል ማለት ነው። ማን ሰነፍ ይለዋል?

ግን ኮስት አካውንቲንግ ወደቀ። በዚያ ላይ ሱቁ ውስጥ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለት እየመጣ ከደመወዙ ይቆረጥ ጀመር። አልሰረቀም፣ ግን መልስ ሲሰጥ ይሳሳታል። ታክሲ ውስጥ ገና ከመቀመጡ እንቅልፍ ይዞት ከመውረጃው ያልፋል። እሱ ግን "ለምጄዋለሁ፣ ለእኔ 4 ሰዓት በቂ ነው" ይለኝ ነበር።

ይህች "ለምጄዋለሁ" የምትባለው ቃል ናት ተንኮለኛዋ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን በቡድን ከፍለው ለ14 ቀናት 4፣ 6 እና 8 ሰዓት እንዲተኙ አደረጓቸው፤ ትኩረታቸውንም በየቀኑ ለኩ። 6 ሰዓት የተኙት ሰዎች በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ትኩረታቸው አንድ ሙሉ ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን እንዳደረ ሰው ሆኖ ተገኘ። 4 ሰዓት የተኙት ከዚያም ባሱ። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸው ያን ያህል የደከሙ አይመስላቸውም ነበር። የድካም ስሜታቸው ከጥቂት ቀናት በኋላ ብዙም ሳይጨምር ቀረ፣ ስህተታቸው ግን እየጨመረ ሄደ። ስለዚህ "ለመድኩት" ስትሉ የለመዳችሁት ስሜቱን ነው፤ ጉዳቱን አይደለም።

ለመሆኑ ስንተኛ ምን ይከናወናል? ገበሬ ያጨደውን እህል መጀመሪያ አውድማ ላይ ነው የሚከምረው። ወቅቶ ጎተራ ካላስገባው ዝናብም ወፍም ይጫወትበታል። ጥናትም እንዲሁ ነው። ቀን ያነበባችሁት አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚያዘው ሂፖካምፐስ በሚባል የአንጎል ክፍል ነው፤ አውድማው እሱ ነው። ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ስትገቡ አንጎል የቀኑን ትምህርት እየደጋገመ ወደ ቋሚው ማከማቻ ያሸጋግረዋል። የመጀመሪያው የሌሊት ክፍል በጥልቅ እንቅልፍ የበለጸገ ነው፤ ወደ ንጋት ደግሞ ሕልም የምናይበት እንቅልፍ ይረዝማል። ሁለቱም ሥራ አላቸው። ሳትተኙ ስታድሩ እያጨዳችሁ አውድማ ላይ ትታችሁ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። "አጥንቼው ነበር እኮ፣ ፈተናው ላይ ጠፋብኝ" የምንለው ነገር አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

"ቡና እጠጣለሁ፣ እነቃለሁ" የሚል ይኖራል። ቡናን አልነቅፍም፣ የቡና ሀገር ልጅ ነኝ። ግን አሠራሩን እንወቅ። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ "ደከመህ፣ ተኛ" የሚለው መልእክት እሱ ነው። ካፌይን የሚያደርገው መልእክቱ የሚገባበትን በር መዝጋት ብቻ ነው። ድካሙ አልጠፋም፣ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚህም በላይ የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ካፌይን ገና ደሙ ውስጥ ነው። ቢተኛም እንቅልፉ ይሳሳል።

ጫትማ ጭራሽ የባሰ ነው። በምርቃና ሰዓት ሁሉም ነገር የገባን ይመስላል፣ ዕቅዱም ይበዛል፤ እንቅልፍ ግን ይሸሻል። ከዚያ "ለመስበር" ተብሎ ጨብሲ ይመጣል። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። በማግስቱ ድብርት ይመጣል፣ እንደገና ወደ ጫቱ።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። አንድ ቀን "እስቲ ራስህን ለካ" አልኩት። ሌሊት ካጠናው ውስጥ 20 ጥያቄ ጻፈ፤ በማግስቱ ማታ ደብተሩን ዘግቶ ሊመልሳቸው ሞከረ። 7 ብቻ መለሰ። ደነገጠ። 3 ሰዓት ተኩል አንብቦ 7!

ከዚያ ቀኑን እንደገና አደላደልነው። ማታ እራት በልቶ 4 ተኩል ላይ ይተኛል፤ ስልኩ ከአልጋው ርቆ ይቀመጣል። 11 ተኩል ላይ ይነሳል። ያ 7 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ከ11፡45 እስከ 1 ሰዓት ከባዱን ትምህርት ብቻ ያጠናል፤ ቀለል ያለውን፣ ኖት መገልበጡንና የመሳሰለውን ለእሁድ ይተወዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ድብት የሚልበት ጊዜ ስለሆነ ወንበሩ ላይ 20 ደቂቃ ያሸልባል፣ አላርም ሞልቶ። ከዚያ በላይ ከሄደ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ገብቶ ሲነሳ ይደነዝዛል። የመጨረሻው ቡና 8 ሰዓት ላይ ነው። ከሥራ ወደ ክፍል ደግሞ በታክሲ መሄዱን ትቶ 25 ደቂቃ በፍጥነት ይራመዳል።

ስፖርት ማለት ለእሱ ይህ እርምጃ ነው። ጂም አልገባም፣ ቱታ አልገዛም። እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ ግን መዝፈን ካቃታችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 125 ደቂቃ ይሆናል፤ እሁድ 25 ደቂቃ ቢጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠውን 150 ደቂቃ ይሞላል። ማታ ክፍል ውስጥ ያነቃዋል፣ ሌሊትም እንቅልፉን ያጠልቅለታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ 4 ሰዓት ብቻ ተኝቶ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለሩጫ መነሳት ከአንድ ኪስ ሰርቆ ወደ ሌላው መክተት ነው። መጀመሪያ እንቅልፉ ይሙላ። የእኛ ሯጮች ጠዋት እንጦጦና ሰንዳፋ ላይ ከተለማመዱ በኋላ ቀን ገብተው ይተኛሉ። ማን ነው ሰነፍ የሚላቸው? ዕረፍቱ የልምምዱ ክፍል እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል አልነበረም፣ አልዋሻችሁም። 4 ተኩል ላይ ተኝቶ እስከ 6 ሰዓት ይገላበጥ ነበር። ሰውነቱ የለመደው ሌላ ሰዓት ነው። የረዳው ነገር የመነሻ ሰዓቱን አለመቀየሩ ነው፤ እሁድም ጭምር 11 ተኩል። ሲነጋም ውጭ ወጥቶ የጠዋት ብርሃን ያያል። ብርሃን የሰውነትን ሰዓት የሚያስተካክል ዋናው ነገር ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ እንደገና 20 ጥያቄ ጻፈ። 14 መለሰ። ያጠናው ደግሞ ከበፊቱ ግማሽ ያህል እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነው። ኮስት አካውንቲንግን በድጋሚ ወስዶ ሲ ፕላስ አመጣ። ተአምር አይደለም፣ ግን አለፈ። የሱቁም ጉድለት ቆመ።

አሁን ሁሉም ሰው እንዲህ ማድረግ ይችላል ብዬ አልሟገትም። የሌሊት ጥበቃ አለ፣ ተረኛ ነርስ አለች፣ ሕፃን የያዘች እናት አለች፣ አንድ ክፍል ውስጥ ለአምስት የሚያድር አለ። ለእነሱ "8 ሰዓት ተኙ" ማለት ስድብ ነው። የሌሊት ሠራተኛ ግን ቤቱ እንደገባ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርዶ ወዲያው ቢተኛ፣ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊትም ጥቂት ቢያሸልብ ይረዳዋል። ሌላው ደግሞ 7 እና 8 ሰዓት እየተኛ ለሳምንታት ድካሙ ካልለቀቀው፣ ወይም ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ የሚል ከሆነ ነገሩ የሰዓት ማነስ አይደለም። የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ።

ለቀሪዎቻችን ግን ሰበብ የለንም። ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት ድረስ ቲክቶክ ላይ የምናሳልፈውን እኛም እናውቀዋለን፣ ስልካችንም ያውቀዋል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ካጠናችሁት 20 ጥያቄ ጻፉ፣ ነገ ማታ ደብተር ዘግታችሁ መልሱ፣ ቁጥሩን መዝግቡ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት የመነሻ ሰዓታችሁን አንድ አድርጋችሁ፣ 7 ሰዓት ያህል ተኝታችሁ፣ እንደገና ሞክሩት። ሁለቱን ቁጥሮች ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን፤ ካልተሻሻለም ጻፉ። "ሳልተኛ አደርኩ" ብሎ ለሚፎክር ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት። ግን አሁን ሌሊት ከሆነ ሼሩም ኮሜንቱም ለነገ ይደር፤ ስልኩን አስቀምጡና ተኙ።